ዘመኑ ይደመራል፣ ገንዘቡ ግን አይዛወርም፤ የሁለት አገር ጡረታ የሚጠብቅ ተመላሽ ማወቅ ያለበት

በጀሞ 1፣ በጀሞ 2 እና በጀሞ 3 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ቤት ከሚፈልጉት መካከል ለብዙ ዓመታት ውጭ አገር ሠርተው የተመለሱ ወገኖች ይገኙበታል። ከእነዚህ አንዱ ከደላላ ወይም ከንግድ ሸሪክ ጋር ሲደራደር ስለ ቋሚ ገቢው መጠየቁ አይቀርም። ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «ውጭ የሠራሁበት ጡረታ አለኝ፤ እዚህ ከምሠራው ጋር ይደመርልኛል» የሚል ነው። ይህ አባባል ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ስህተት ነው። ልዩነቱም በወር የሚገኝ ዶላርና ዩሮ ስለሆነ በዚህ ዓምድ ዘርዘር አድርገን እንመለከተዋለን።

ስምምነቱ ምን ያደርጋል?

አብዛኞቹ የጡረታ ሕጎች በር አላቸው። በሩን ለማለፍ የተወሰነ ዘመን መዋጮ መክፈል ያስፈልጋል። በአሜሪካ በሩ 40 ክሬዲት ነው። በዓመት ማግኘት የሚቻለው ከ4 ክሬዲት ስለማይበልጥ 40 ክሬዲት ማለት የ10 ዓመት ሥራ ነው። በጀርመን መደበኛውን የእርጅና ጡረታ ለማግኘት 60 ወር፣ ማለትም 5 ዓመት ይበቃል። በኢትዮጵያ ደግሞ ወርኃዊ የጡረታ አበል የሚገኘው ቢያንስ 10 ዓመት ለተገለገለ ነው።

አንድ ሰው በየአገሩ ጥቂት ጥቂት ዓመት ቢሠራ የአንዱንም በር ሳያልፍ ሊቀር ይችላል። ለሁሉም መዋጮ ከፍሎ ከአንዱም ጡረታ አያገኝም ማለት ነው። ሁለት አገሮች የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት የሚፈራረሙት አንድም ይህን ችግር ለማቃለል ነው። አሜሪካና ጀርመን የተፈራረሙት ስምምነት እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 1979 ጀምሮ ይሠራል። የአሜሪካና የጣሊያን ስምምነት ደግሞ በ1978 ሥራ ላይ ውሏል።

ስምምነቱ የሚደምረው ዘመንን እንጂ ገንዘብን አይደለም። ነገሩን በዕድር እንመስለው። አንድ ሰው በአንድ ሰፈር ዕድር አራት ዓመት ከፍሎ ወደ ሌላ ሰፈር ቢዛወርና ሁለቱ ዕድሮች ተስማምተው ቢሆን፣ አዲሱ ዕድር «በዚያኛው የከፈልክበትን ዘመን ቆጥረን የመጠበቂያ ጊዜውን አንስተንልሃል» ሊለው ይችላል። የመጀመሪያው ዕድር ሣጥን ግን አይከፈትም፤ ገንዘቡም ወደ ሁለተኛው አይተላለፍም። እያንዳንዱ ዕድር የሚሰጠው ከራሱ ሣጥን፣ ለራሱ በተከፈለው መጠን ነው። የሁለት አገር ጡረታም እንዲሁ ነው። በመጨረሻ ለባለመብቱ ሁለት ትንንሽ ጡረታዎች ከሁለት መሥሪያ ቤቶች ይመጡለታል እንጂ አንድ ትልቅ ጡረታ አይመጣለትም።

ኢትዮጵያ የት ላይ ናት?

አሜሪካ ከ30 ከሚያህሉ አገሮች ጋር እንዲህ ያለ ስምምነት አላት። ከእነዚህ መካከል አንድም የአፍሪካ አገር የለም። ጀርመንም ከሞሮኮና ከቱኒዚያ ጋር እንጂ ከኢትዮጵያ ጋር የጡረታ ስምምነት የላትም። ስለዚህ አንድ ሰው አዲስ አበባ የሠራበት ዘመን በአሜሪካም ሆነ በጀርመን መሥሪያ ቤት ፊት የለም ማለት ነው። እዚያ የሠራበት ዘመንም እዚህ ባለው ሕግ አይቆጠርለትም።

ከመካከለኛው ምሥራቅ የሚመለሱ ሰዎችም «መንግሥት ከሳዑዲ ጋር ተፈራርሟል» ሲሉ ይሰማሉ። ኢትዮጵያ ከሳዑዲ ዓረቢያ፣ ከኳታርና ከዮርዳኖስ ጋር የተፈራረመችው ግን የሥራ ስምሪት ስምምነት ነው። የሚመለከተውም ቅጥርን፣ ደመወዝንና የሠራተኛውን ደኅንነት እንጂ የጡረታ ዘመን መደመርን አይደለም። የሳዑዲ የጡረታ ሥርዓት ራሱ ለዜጎቿ የተዘጋጀ በመሆኑ፣ የውጭ አገር ሠራተኛው የሚደመር የጡረታ ዘመን አላጠራቀመም። እሱ መጠየቅ ያለበት በሥራ ውሉ መጨረሻ የሚከፈለውን የአገልግሎት ክፍያ ነው፤ ያንንም ከአገሩ ከመውጣቱ በፊት።

በአገር ውስጥ ያለውን ሕግ በተመለከተ፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1268 ተተክቷል። አሠሪው የደመወዙን 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ። የጡረታ መውጫው ዕድሜ 60 ነው። ዕድሜው ሞልቶ አገልግሎቱ ከ10 ዓመት ያነሰ ሠራተኛ በየወሩ የሚከፈል አበል አያገኝም፤ የሚሰጠው ዳረጎት፣ ማለትም የአንድ ጊዜ ክፍያ ነው። እዚህ ላይ ቀላል ሒሳብ አለ። በፊት አገር ውስጥ የተቆጠረለት አገልግሎት የሌለው ሰው ከ50 ዓመቱ በኋላ ተመልሶ ቢቀጠር፣ 60 ሲሞላው 10 ዓመት ሊኖረው አይችልም። ውጭ ሠላሳ ዓመት ሠርቶ ቢሆን እንኳ ሒሳቡ አይለወጥም።

አሁን ጥያቄው ወደ ትክክለኛው ቦታ መጣ። ለኢትዮጵያዊ ተመላሽ የመደመር ዕድል ያለው ኢትዮጵያና አንድ ሌላ አገር ላይ አይደለም፤ በመካከላቸው ስምምነት ባላቸው ሁለት የውጭ አገሮች ላይ ነው። መጀመሪያ ጀርመን ወይም ጣሊያን ገብቶ፣ በኋላ ወደ አሜሪካ የተሻገረ ሰው ይህ በቀጥታ ይመለከተዋል።

አንድ ሰው ወስደን እናስላ

ለምሳሌ ያህል የሚከተለውን ሰው እናስብ። በወጣትነቱ ጀርመን ውስጥ 4 ዓመት፣ ማለትም 48 ወር መዋጮ እየተቆረጠበት ሠራ። ወደ አገሩ ተመልሶ ለብዙ ዓመታት በራሱ ንግድ ሲተዳደር ቆየና ዕድል አግኝቶ አሜሪካ ሄደ። እዚያ 9 ዓመት ኖሮ 8 ዓመት ሠራ፤ 32 ክሬዲትም አገኘ። በ55 ዓመቱ ተመልሶ ጀሞ ቤት ያዘና በአንድ የግል ድርጅት ተቀጠረ። 60 ሲሞላው እዚህ 5 ዓመት ይኖረዋል።

እያንዳንዱን ብቻውን ብንወስደው፣ ጀርመን 60 ወር ትፈልጋለች፤ እሱ 48 አለው። አሜሪካ 40 ክሬዲት ትፈልጋለች፤ እሱ 32 አለው። ኢትዮጵያ 10 ዓመት ትፈልጋለች፤ እሱ 5 አለው። 17 ዓመት መዋጮ ከፍሎ በሦስቱም በር ላይ ቀርቷል።

የአሜሪካና የጀርመን ስምምነት ሲገባበት ሁለቱ በሮች ይከፈታሉ። ለመደመር ራሱ ዝቅተኛ መነሻ አለ። በአሜሪካ በኩል ቢያንስ 6 ክሬዲት፣ በጀርመን በኩል ቢያንስ 18 ወር ያስፈልጋል። ይህ ሰው ሁለቱንም አልፏል። አሜሪካ ለጀርመን ሦስት ወር አንድ ክሬዲት ትቆጥራለች፤ ስለዚህ 48 ወሩ 16 ክሬዲት ይሆናል። 32 እና 16 ሲደመር 48 ነው፤ ከ40 በላይ ስለሆነ በሩ ተከፈተ። ጀርመን በበኩሏ አንዱን የአሜሪካ ክሬዲት ሦስት ወር አድርጋ ትቆጥራለች። 32ቱ ክሬዲት 96 ወር ሆኖ ከ48 ጋር 144 ወር ይሆናል፤ ከ60 በላይ ነው። በአንድ ጊዜ በሁለቱም አገር መዋጮ የተከፈለበት ወቅት ቢኖር ኖሮ ሁለት ጊዜ አይቆጠርም ነበር።

በሩ ከተከፈተ በኋላ ክፍያው ይሰላል። በጀርመን ሒሳቡ የነጥብ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ በአገሪቱ አማካይ ደመወዝ የሠራ ሰው አንድ ነጥብ ያገኛል። የእኛ ሰው ደመወዝ ከአማካዩ ሦስት አራተኛ ነበር ብንል፣ በ4 ዓመት 3 ነጥብ አጠራቅሟል። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ጀምሮ የአንዱ ነጥብ ዋጋ በወር 40.79 ዩሮ ነበር። በዚህ ዋጋ 3 ነጥብ በወር 122 ዩሮ ከ37 ሳንቲም ያስገኛል። ለአሜሪካ ዓመታቱ ጀርመን አንድም ሳንቲም አትጨምርም፤ እነሱ ያገለገሉት በሩን ለመክፈት ብቻ ነው።

የአሜሪካው ስሌት ትንሽ ይጠመዘዛል። መሥሪያ ቤቱ በመጀመሪያ ሰውየው በሠራባቸው ዓመታት ደመወዙ ከአሜሪካ አማካይ ደመወዝ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደነበር ያያል። ቀጥሎ ዕድሜ ልኩን በዚያው ደረጃ አሜሪካ ውስጥ ሠርቶ ቢሆን ኖሮ የሚያገኘውን ጡረታ በሐሳብ ያሰላል። ይህ የሐሳብ ጡረታ በወር 1,400 ዶላር ሆነ እንበል። ከዚያም በእውነት አሜሪካ ውስጥ በሠራበት ድርሻ ያባዛዋል። ሙሉ የሥራ ዘመን 35 ዓመት ወይም 140 ሩብ ዓመት ተደርጎ ስለሚወሰድ ድርሻው 32 ለ140 ነው። 1,400 በ32 ተባዝቶ ለ140 ሲካፈል 320 ዶላር ይሆናል። እንግዲህ ከአሜሪካ የሚጠብቀው በወር 320 ዶላር ነው።

ሁለቱም መጠኖች የተሰሉት ሰውየው ሙሉ የጡረታ ዕድሜውን ጠብቆ ሲጠይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 እና ከዚያ ወዲህ ለተወለደ ሰው ዕድሜው በሁለቱም አገሮች 67 ነው። በአሜሪካ ከ62 ጀምሮ መጠየቅ ይቻላል፤ ግን በ62 የጠየቀ ሰው ከወርኃዊ ክፍያው 30 በመቶ ይቀነስበታል፤ ቅነሳውም ዕድሜ ልክ ይቀጥላል። እዚህ ላይ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሰውየው በ60 ዓመቱ ከሥራ ይወጣል። ከ60 እስከ 67 ያሉትን ሰባት ዓመታት በዳረጎቱና በቁጠባው መኖር አለበት። ቤት ወይም ንግድ የሚገዛው በዚህ ክፍተት ውስጥ ከሆነ፣ ሊመጣ ያለውን ጡረታ እንደ ዛሬ ገቢ መቁጠሩ አደጋ ነው።

የፓስፖርቱ ቀለም

እስካሁን የተባለው መብቱ መኖሩን ነው። መብት መኖርና ገንዘቡ አዲስ አበባ መድረሱ ግን የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

ጀርመን ላይ ይህ ችግር ቀሏል። በፊት በሦስተኛ አገር ለሚኖሩ የውጭ ዜጎች ጡረታው ይቀነስ ነበር። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ቅነሳው ቀርቷል። ስለዚህ 122 ዩሮው የየትኛውንም አገር ፓስፖርት ለያዘ ሰው ጀሞ ድረስ ይመጣል።

አሜሪካ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ባለጡረታው የአሜሪካ ዜጋ ከሆነ ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ ያለ ችግር ይከፈለዋል። የአሜሪካ ዜጋ ያልሆነ ሰው ግን ከአሜሪካ ወጥቶ ስድስት ወር ሲሞላው ክፍያው ይቆማል። ከዚህ ደንብ ነፃ የሚያደርጉ ሁኔታዎች አሉ። ለኢትዮጵያ ዜጋ የሚጠቅመው ሁኔታ ራሱ ባለጡረታው 40 የአሜሪካ ክሬዲት ካለው፣ ወይም አሜሪካ ውስጥ ቢያንስ 10 ዓመት ከኖረ የሚለው ነው።

የእኛን ሰው በዚህ መስፈርት እንመዝነው። ክሬዲቱ 32 ነው። ከጀርመን የተቆጠሩለት 16ቱ በሩን ለመክፈት እንጂ ለዚህ አይቆጠሩም። የኖረው ደግሞ 9 ዓመት ነው። ስለዚህ ዜግነት ወስዶ ከተመለሰ 320 ዶላሩ ይመጣለታል። ግሪን ካርድ ብቻ ይዞ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርቱን እንደያዘ ጠቅልሎ ከተመለሰ ግን መብቱ በወረቀት ላይ ይቀራል፤ የሚደርሰው የጀርመኑ ብቻ ነው። አንድ ዓመት ተጨማሪ ቆይቶ ቢሆን ኖሮ የ10 ዓመት ነዋሪነቱን ያሟላ ነበር። ሁለት ዓመት ቢሠራ ደግሞ 40 ክሬዲቱ ሞልቶ ስምምነቱም ባላስፈለገው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 አንድ ክሬዲት ለማግኘት 1,810 ዶላር መሥራት ይበቃ ስለነበር፣ የዓመቱ አራት ክሬዲት በ7,240 ዶላር ገቢ ይሞላ ነበር። መመለሻ ቀኑን ገና ያልቆረጠ ሰው ይህን ሒሳብ ትኬት ከመግዛቱ በፊት ቢያየው ይበጀዋል።

መስፈርቱን የሚያሟላ የኢትዮጵያ ዜጋም ቢሆን ሙሉው አይደርሰውም። አሜሪካ ውጭ ለሚኖር የውጭ ዜጋ ከሚከፈለው ጡረታ 85 በመቶው ላይ 30 በመቶ ግብር ከምንጩ ይቆረጣል። ይህም ከጠቅላላው 25.5 በመቶ ይሆናል። ከ320 ዶላር 81 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይቆረጥና 238 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይደርሳል። ዜጋ ለሆነው ይህ ቅነሳ ከምንጩ አይደረግም፤ እሱ ግብሩን የሚያወራርደው በየዓመቱ በሚያቀርበው ማስታወቂያ ነው።

የአሜሪካ ዜግነት የወሰደ ሰው በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የኢትዮጵያ ዜግነቱን ያጣል። ሆኖም በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለውን ሊይዝ ይችላል። ያ አዋጅ ያለ ሥራ ፈቃድ መቀጠርን ይፈቅዳል፤ በጡረታ ሽፋን ረገድ የውጭ ዜጎችን የሚያገል ገደብም በባለካርዱ ላይ እንደማይፈጸም ይደነግጋል። ስለዚህ ቢጫ ካርድ ያለው ተመላሽ የቀጠረ ባለድርጅት «የውጭ ዜጋ ነው» ብሎ መዋጮውን መዝለል የለበትም። አሠሪው ያልከፈለው ዘመን በሠራተኛው 10 ዓመት ላይ የሚጎድል ዘመን ነውና።

በችኮላ የተወሰደ ገንዘብ

መደመርን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ቀደም ብሎ የተወሰደ የመዋጮ ተመላሽ ነው። በጀርመን ሕግ የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ያልሆነ ሰው አውሮፓን ለቆ ከሄደ 24 ወር ካለፈ በኋላ፣ የጡረታ በሩን ሳያልፍ የቀረ ከሆነና ሌሎች ሁኔታዎች ከተሟሉ፣ የከፈለው መዋጮ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። የሚመለሰው የሠራተኛው ድርሻ ብቻ ነው፤ አሠሪው የከፈለው አይመለስም።

ዋናው ጉዳት ግን እሱ አይደለም። ገንዘቡ ከተመለሰ በኋላ ዘመኑ ከመዝገብ ይሰረዛል። የእኛ ሰው ከጀርመን እንደተመለሰ ንግድ ለመጀመር ብሎ መዋጮውን ወስዶ ቢሆን ኖሮ 48 ወሩ ይጠፋ ነበር። ያ ማለት የጀርመኑ 122 ዩሮ ብቻ ቀረ ማለት አይደለም። አሜሪካ የምትደምረው ስለማይኖር 32ቱ ክሬዲት ብቻውን ይቀራል፤ 320 ዶላሩም አብሮ ይሄዳል። በአንድ ፊርማ ሁለት ጡረታ ይዘጋል። ስለዚህ ከአውሮፓ ወጥቶ ወደ ሌላ አገር የመሄድ ሐሳብ ያለው ሰው፣ የሚሄድበት አገር ከጀርመን ጋር ስምምነት እንዳለው ሳያጣራ የተመላሽ ማመልከቻ መፈረም የለበትም። ፈርሞ እንደሆነና እንዳልሆነ የማያስታውስ ሰውም ከጀርመን የጡረታ መድን የመድን ታሪኩን መግለጫ ጽፎ በማስመጣት ሊያረጋግጥ ይችላል። የተመለሰ ዘመን ካለ ከመግለጫው ይታያል።

ስምና የልደት ቀን

ወረቀቱ ሲመጣ ብዙ ኢትዮጵያውያንን የሚያጋጥማቸው ችግር ስም ነው። የእኛ ሁለተኛ ስም የአባት ስም ነው። አንዱ አገር የአባትን ስም የቤተሰብ መጠሪያ አድርጎ ሲመዘግብ፣ ሌላው የአያትን ስም ያደርጋል። በላቲን ፊደል ሲጻፍም አጻጻፉ ይለያያል። ሁለት መሥሪያ ቤቶች መዝገብ ሲያመሳክሩ «ይህ ሰው ያ ሰው ነው» ማለት ካልቻሉ ዘመኑ ሳይቆጠር ይቆማል። መፍትሔው ቀላል ነው። በእያንዳንዱ አገር የተሰጠውን የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር ሳይጥሉ መያዝና በማመልከቻው ላይ ከዚህ በፊት የተጠቀሙባቸውን አጻጻፎች በሙሉ መዘርዘር ነው።

የልደት ቀን ይብሳል። የኢትዮጵያን ዓመተ ምሕረት ወደ አውሮፓ ሲለውጡ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨመራል። ይህን ሳያስተካክሉ የተመዘገቡ፣ ወይም ቀኑ ባለመታወቁ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተሞላላቸው ብዙዎች ናቸው። በጀርመን ሕግ ለማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ወይም ለአሠሪ መጀመሪያ የተነገረው የልደት ቀን የጸና ነው። ከዚያ በፊት የተሰጠ የቆየ ሰነድ ካልቀረበ በቀር ኋላ ላይ በተሠራ የልደት ምስክር ወረቀት አይለወጥም። ስለዚህ ጡረታ ሲደርስ አዲስ የልደት ካርድ ማውጣት ነገሩን አያፋጥንም፤ ሦስተኛ ቀን ጨምሮ ጥርጣሬ ያበዛል እንጂ።

ማመልከቻውና ከዚያ በኋላ

መጀመሪያ የሚደረገው ከሁለቱም አገሮች የመዋጮ መግለጫ ማስመጣት ነው። በአሜሪካ በኩል ይህ በ ssa.gov ላይ በሚከፈት የግል ሒሳብ ይታያል። በየዓመቱ የተመዘገበውን ገቢ ከድሮ የደመወዝ ወረቀት ጋር ማመሳከር ይገባል፤ የጎደለ ዓመት ካለ አሠሪው በሕይወት ሳለ ማስተካከሉ ይቀላል።

ቀጥሎ ማመልከቻው ነው። በስምምነቱ መሠረት ለሚጠየቅ ጡረታ አሜሪካ ራሱን የቻለ ቅጽ አላት፤ ቁጥሩ 2490 ነው። ለአንዱ አገር የቀረበ ማመልከቻ ለሌላውም እንደቀረበ እንዲቆጠር ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን አመልካቹ በሌላው አገር ሠርቶ እንደነበርና ከዚያም ጡረታ እንደሚፈልግ በግልጽ መጻፍ አለበት። ይህን መስመር ባዶ መተው ዋጋ ያስከፍላል። በጀርመን ሕግ ዕድሜው ከሞላ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ ያልጠየቀ ሰው ክፍያው የሚጀምርለት ከጠየቀበት ወር ጀምሮ ነው፤ ያለፈው አይከፈልም።

ጡረታው ከተጀመረም በኋላ ሥራ አለ። ሁለቱም አገሮች ባለጡረታው በሕይወት መኖሩንና ሁኔታው አለመለወጡን በየጊዜው ይጠይቃሉ። የአሜሪካው ቅጽ ቁጥር 7162 ይባላል። ቅጹ ተሞልቶ ካልተመለሰ ክፍያው ይቆማል። ጀሞ ውስጥ ብሎክና የቤት ቁጥር ብቻ ጽፎ ፖስታ መጠበቅ ስለማያዋጣ ፖስታ ሣጥን ቁጥር መያዝ የግድ ነው።

አንድ የቆየ ስጋት ግን ተነሥቷል። ቀደም ሲል ከሌላ አገር ጡረታ የሚያገኝ ሰው የአሜሪካ ጡረታው ይቀነስበት ነበር። ይህን ቅነሳ የሻረው ሕግ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የተፈረመ ሲሆን፣ ከጥር 2024 ጀምሮ ያለውን ክፍያ ይሸፍናል። ስለዚህ 40 ክሬዲቱን የሞላ ተመላሽ የኢትዮጵያ ጡረታም ቢያገኝ የአሜሪካው አይነካበትም። ሕክምናን በተመለከተ ግን ስምምነቱ አይረዳም። የጀርመን ዘመን ለአሜሪካው የአረጋውያን ሕክምና መድን አይቆጠርም፤ መድኑም ራሱ በጥቅሉ ከአሜሪካ ውጭ ለተደረገ ሕክምና አይከፍልም።

ለነጋዴውና ለደላላው

ከተመላሽ ጋር የረጅም ጊዜ ኪራይ፣ የዱቤ ሽያጭ ወይም ሽርክና የሚዋዋል ሰው «ጡረታ አለኝ» የሚለውን ቃል በሁለት ሰነዶች መለየት ይችላል። አንደኛው የመዋጮ መግለጫ ነው፤ ይህ ስንት ዓመት እንደተሠራ ያሳያል እንጂ ክፍያ መኖሩን አያሳይም። ሁለተኛው የውሳኔ ደብዳቤ ነው፤ ይህ መጠኑን፣ የሚጀምርበትን ወርና የተቀባዩን ስም ይዟል። ገቢ ሊባል የሚችለው ሁለተኛው ብቻ ነው። የአሜሪካ ከሆነ ደግሞ ባለደብዳቤው የየትኛው አገር ዜጋ እንደሆነ፣ ካልሆነም 40 ክሬዲት ወይም የ10 ዓመት ነዋሪነት እንዳለው መጠየቅ ነውር አይደለም።

ክፍያው በዶላርና በዩሮ በመሆኑ በብር ያለው ዋጋ አይረጋም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን፣ ኪራይን ወይም ዱቤን በብር ተዋውሎ በውጭ ጡረታ የሚከፍል ሰው ልዩነቱን አስቀድሞ ማስላት አለበት። የእኛ ሰው ዜግነቱን ይዞ ከተመለሰ፣ ከ67 ዓመቱ ጀምሮ በወር የሚመጣለት 320 ዶላርና 122 ዩሮ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ለውል የሚበቃ ገቢው እዚህ የሚያገኘው ደመወዝ፣ ከ60 በኋላም ዳረጎቱና ቁጠባው ብቻ ነው።